«ሐኪም የሚወጋን ስላጠፋን ነው»፦ የሚረዱን ሰዎችን ስላስተማርንበት አንድ ክፍል የጉዳይ ጥናት

## ክፍሉና ትምህርቱ

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ ክፍልና ስለ አንድ ሳምንት ተኩል ሥራ ነው። ክፍሉ የአምስት ዓመት ልጆች ክፍል ነው፤ 26 ልጆች አሉበት። አስተማሪያቸው እኔ ነኝ። አንዲት ረዳት መምህርት አብራኝ ትሠራለች።

ርዕሱ በየመዋዕለ ሕፃናቱ የታወቀ ነው፦ ማኅበረሰቡን የሚያገለግሉ ሰዎች። ለልጆቹ «የሚረዱን ሰዎች» እያልኩ ነው የምነግራቸው። ስምንት ሰዎችን መረጥኩ፦ ሐኪም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የትራፊክ ፖሊስ፣ ፖስተኛ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሹፌርና መምህር። መጀመሪያ ልጆቹ ኮፍያና ሰደርያ ለብሰው ሰዎቹን ሆነው ይጫወታሉ። ከዚያ በግራ ሰዎቹ፣ በቀኝ መሣሪያዎቻቸው ያሉበትን ወረቀት በመስመር ያዛምዳሉ። ለሁለቱም 40 ደቂቃ ያዝኩ።

ይህን ትምህርት በፊትም እንዲሁ ነበር የምሰጠው። ችግር ያለበት አይመስለኝም ነበር። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ወረቀቱ ቤት ይሄዳል፤ ወላጅም ደስ ይለዋል። በዚህኛው ዙር ግን ወረቀቱን ካረምኩ በኋላ ልጆቹን ለብቻ ለብቻ ጠየቅኋቸው። ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ያን ጊዜ የሰማሁት ነገር ነው።

## የመጀመሪያው ቀን ጨዋታ

ስምንት ልጆችን ወደ ፊት ጠራሁና ኮፍያ አደረግሁላቸው። እያንዳንዳቸው «እኔ ሐኪም ነኝ፣ የምሠራው ሆስፒታል ነው» እንደሚለው ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። የቀሩት 18 ልጆች ቁጭ ብለው ያያሉ። ሦስተኛው ልጅ ላይ ስንደርስ ከኋላ ያሉት የጫማ ማሰሪያቸውን መፍታት ጀምረው ነበር። ይህ ጨዋታ አልነበረም። በኮፍያ የተሠራ የቃል ጥናት ነበር።

ቀጥሎ አሥር ደቂቃ በነፃነት እንዲጫወቱ ተውኳቸው። ዕቃዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቻቸው ነበር። ፊሽካው ላይ አራት ልጆች ተረባረቡ። የውሃ ጎማ እንዲሆን ያመጣሁትን ገመድ አንዱ ጓደኛውን ለመጎተት ተጠቀመበት። ከእስክሪብቶ ቀፎ የሠራሁትን መርፌ የያዘው ልጅ ሌሎቹን እያባረረ ይወጋ ጀመር። አንዲት ልጅ ጠረጴዛ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። መጥረጊያውን ማንም አልነካውም።

ያን ቀን ልጆቹ ዛሬ አስቸግረዋል ብዬ ነበር የሄድኩት። በኋላ ሳስበው ግን የሰጠኋቸው ዕቃ ብቻ ነው። ሐኪም ነበር፤ የታመመ ሰው ግን አልነበረም። የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር፤ እሳት አልነበረም። የሚረዳው ሰው ያልተሰጠው ረዳት መሣሪያውን ከመወዝወዝ ሌላ ምን ያደርጋል?

## ወረቀቱ ምን አሳየ?

ወረቀቱ ስምንት ጥንድ ሥዕሎች ነበሩት። ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዱን ሥዕል በጣቴ እየነካሁ ስሙን ነገርኳቸው፦ ጎማ፣ መርፌ፣ የስፌት መኪና፣ መሪ፣ ፊሽካ፣ ደብዳቤ፣ መጥረጊያ፣ ጠመኔ። የመጀመሪያውን ጥንድ፣ መምህርንና ጠመኔን፣ ራሴ ሠርቼ አሳየሁ።

ስሰበስበው ወረቀቱ በሦስት ዓይነት ተለየ። ሰባት ልጆች ሁሉንም መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ቀጥ አድርገው አስምረዋል፤ የመጀመሪያው ከመጀመሪያው ጋር፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ጋር። ስድስቱ ደግሞ ወይ አልጨረሱም፣ ወይ መስመሮቹ ተጠላልፈው የቱ ከየት እንደመጣ አይለይም። የቀሩት 13 ልጆች መስመራቸው ይነበባል። ከእነሱ አምስቱ ስምንቱንም አግኝተዋል፤ ስምንቱ ልጆች ከሁለት እስከ አራት ስተዋል።

ቀጥ ቀጥ አድርገው ያሰመሩትን ሰባቱን በተመለከተ ጥፋቱ የኔ ነው። ያሳየሁት ምሳሌ ቀጥ ያለ ነበር፤ መምህርም ጠመኔም ከላይ ናቸው። ለአምስት ዓመት ልጅ ምሳሌው ራሱ ሕጉ ነው። «ቲቸር እንዲህ ነው የሠራችው» ብለው ያንኑ እስከ ታች ቀጠሉበት። እነዚህ ልጆች ስለ ሐኪም ምን ያውቃሉ የሚለውን ወረቀቱ አልነገረኝም። ምሳሌን በደንብ እንደሚከተሉ ብቻ ነገረኝ።

የተጠላለፈባቸው ስድስቱ ደግሞ ከእጅ ችግር ነው። ስምንት መስመር በአንድ ገጽ ላይ ሲተላለፍ ልጁ መሃል ላይ ሲደርስ የራሱን መስመር ይስታል። እርሳሱን ያነሳል፤ ሲመልሰው የሌላ መስመር ላይ ያርፋል። አንዱን ልጅ አጠገቡ ሆኜ አይቼዋለሁ፦ ከፖስተኛው ጀምሮ ወደ ደብዳቤው እያየ ሄደ፤ መሃል ላይ የሹፌሩን መስመር ሲያገኝ ያንን ተከትሎ ወደ መሪው ታጠፈ። ዓይኑ የነበረው ትክክለኛው ሥዕል ላይ ነው።

## ልጆቹን ስጠይቃቸው

በሚቀጥሉት ሁለት ጠዋቶች ልጆቹ ገብተው በየራሳቸው ሲጫወቱ 12ቱን ለብቻ ለብቻ ጠየቅሁ። ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃል። ወረቀቱን ፊታቸው አስቀምጬ ትክክልም ስህተትም ሳልል «እስቲ ይቺን መስመር ንገረኝ» እል ነበር። «ለምን እንዲህ አደረግክ?» የሚለው ጥያቄ ልጁን ያስደነግጠዋል፤ ያጠፋ ይመስለውና ዝም ይላል።

አንዱ የውሃ ጎማውን ከሹፌሩ ጋር አገናኝቶታል። «ጎማ የመኪና ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። «ጎማ» ብዬ የነገርኩት እኔው ነኝ። ሥዕሉ በፎቶ ኮፒ ጠቁሮ ጥቅልል ያለ ክብ ስለሆነ የመኪና ጎማም ይመስላል፤ ሌላዋ ልጅ እንዲያውም «እባብ» ብላዋለች። መርፌውን ከልብስ ሰፊው ጋር ያገናኙ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዱ የስፌት መኪናውን ለሹፌሩ ሰጥቶታል። «ቲቸር፣ መኪና ነው አላልሽም?» አለኝ። ሦስቱም ቃላት በቋንቋችን ሁለት ሁለት ሥራ አላቸው፤ እኔም በሩጫ ስጠራቸው የትኛውን እንደምል አልለየሁም። እነዚህን መስመሮች በቀይ እርሳስ ስህተት ብዬ አርሜያቸው ነበር።

ከነዚህ ይልቅ ያሳሰበኝ ስምንቱንም ያገኘ ልጅ መልስ ነው። ንግግራችንን ያን ዕለት ማስታወሻ ላይ ጽፌዋለሁ።

«ይሄ ማን ነው?»

«ሐኪም።»

«ምን ያደርጋል?»

«ይወጋል።»

«ለምን ይወጋል?»

«ስላጠፋን።»

እንደገና ጠየቅሁት። ማን እንዳጠፋ፣ ምን እንዳጠፋ። ረጋ ብሎ አስረዳኝ፦ ልጅ ሲያስቸግር ሐኪም ይጠራል፤ ሐኪም መጥቶ ይወጋል፤ ከዚያ ልጁ ዝም ይላል። ስለ ፖሊስ ስጠይቀውም ያው ነው፤ «መጥቶ ይወስዳል»። ከጠየቅኋቸው 12 ልጆች አራቱ ሐኪምን ወይም ፖሊስን የሚቀጣ ሰው አድርገው ነው የነገሩኝ። የዚህ ልጅ ወረቀት ላይ «ጎበዝ» ብዬ ኮከብ ሥዬበታለሁ።

ወረቀቱ ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር። የጠየቀው ማን ምን ይይዛል የሚለውን ብቻ ነውና። ልጁ መርፌ የሐኪም መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ስለሚፈራው። የትምህርቱ ስም ግን «የሚረዱን ሰዎች» ነው። መርዳቱ ጨዋታውም ላይ፣ ወረቀቱም ላይ አልነበረም።

## ጨዋታውን ከችግር መጀመር

ከረዳት መምህርቷ ጋር ተቀምጠን ትምህርቱን ከሥሩ ቀየርነው። ስምንቱን ሰዎች ወደ አራት አወረድናቸው፦ ሐኪም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ፣ የጽዳት ሠራተኛና የትራፊክ ፖሊስ። ለጨዋታ የሚሆን ቦታና ጊዜ ያገኘነው ግን ለሦስቱ ብቻ ነው። የትራፊክ ፖሊሱን በሥዕልና በወሬ ብቻ አለፍነው።

ክፍሉን ለሁለት ከፈልነው። 13ቱ ከረዳት መምህርቷ ጋር ውጭ ይጫወታሉ፤ 13ቱ ከእኔ ጋር ይሆናሉ፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። የኔዎቹ 13 በሦስት ጥግ ይቀመጣሉ፤ አራት፣ አራትና አምስት ሆነው። በእያንዳንዱ ጥግ አራት ሚና አለ፦ ችግር የገጠመው ሰው፣ የሚደውል ጎረቤት፣ ስልክ የሚያነሳና የሚረዳው ሰው። አምስት በሆኑበት ጥግ ችግር የገጠማቸው ሁለት ይሆናሉ፤ እናትና የታመመ ልጅ እንደማለት። በየአራት ደቂቃው ከበሮ እመታለሁ፤ ሁሉም ሚናውን በቀኙ ላለው ያስረክባል። አራት ልጆች ባሉበት ጥግ በ16 ደቂቃ ውስጥ በአራቱም ሚና ያላለፈ ልጅ አይኖርም ማለት ነው። በማግስቱ ጥግ ይቀይራሉ፤ ሦስቱን ጥግ በሦስት ቀን ያዳርሳሉ።

ከመጀመራችን በፊት እኔና ረዳቷ ተጫውተን አሳየናቸው። እኔ አሻንጉሊት ያቀፍኩ እናት ሆንኩ፤ እሷ ሐኪም። «ዶክተር፣ ልጄ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም» አልኳት። ወዲያው ዕቃ አላነሳችም። መጀመሪያ ጠየቀች፦ «የት ጋ ነው የሚያማት?» ከዚያ ግንባሯን ነካች። ከዚያ ነው ተነስታ ከጠረጴዛው ላይ የሙቀት መለኪያ የመረጠችው። ይህንን ቅደም ተከተል ለልጆቹ በሦስት ቃል ሰጠናቸው፦ ይጠይቃል፣ ያያል፣ ይረዳል። ለእሳቱም ለጽዳቱም ያው ነው።

ዕቃው ከልጁ እጅ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ መቀመጡ ብዙ ነገር ለወጠ። ችግሩን ሳይሰማ ዕቃ መያዝ አይቻልም። ስለዚህ መስማት ግድ ሆነ። ዕቃዎቹንም ቀለል አደረግናቸው፤ የሙቀት መለኪያው እንጨት ነው፣ ፋሻው የጨርቅ ቁራጭ፣ የልብ ማዳመጫው ክርና የካርቶን ክብ። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ዱላን ፈረስ አድርጎ የሚጋልብ ልጅ የነገሩን ትርጉም ከዕቃው ለይቶ ማሰብ ይጀምራል ይላል። በአምስት ዓመት ልጅ ላይ በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው፤ ትክክለኛውን የሚመስል ዕቃ አያስፈልገውም። ፊሽካውን ጨርሰን አወጣነው። ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ ነገር በክፍል ውስጥ ጉንፋን ያዳርሳል። መርፌውንም ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደበቅነው።

## ከጥጎቹ የታዩ ነገሮች

ስልኩ። በስልኩ ሚና ብዙም ተስፋ አልነበረኝም፤ የጨዋታው ልብ የሆነው ግን እሱ ነው። በመጀመሪያው ዙር አንዱ ደወለ።

«አሎ፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው!»

«የት ነው?»

«እዚህ!»

«እዚህ የት?»

«እዚህ ነው እኮ!» አለና በጣቱ አሳያት።

በዚህ ዕድሜ ልጅ አንዳንዴ እሱ የሚያየውን ሌላውም የሚያይ ይመስለዋል። ፊት ለፊት ስለተቀመጡ ደግሞ ስልክ አንሺዋ በእርግጥም ታየዋለች። በሁለተኛው ዙር ደዋዩንና ስልክ አንሺዋን ጀርባ ለጀርባ አስቀመጥኳቸው። በየጥጉ ግድግዳ ላይ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ ወረቀት ለጠፍኩ፤ አድራሻ እንዲሆን። ጣት መጠቆም አላዋጣም። ልጁ ትንሽ ቆሞ «ቀዩ ወረቀት ጋ ነው ያለነው፣ ቶሎ ኑ!» አለ። እርዳታ ለማግኘት መጀመሪያ የት እንዳለህ መናገር እንዳለብህ በቃል ቢነገራቸው ይህን ያህል የሚገባቸው አይመስለኝም።

ብዙም የማትናገር አንዲት ልጅ አለችን። ሰው ፊት ቆማ ተናገሪ ስትባል አንገቷን ትደፋለች። ጀርባዋን ሰጥታ ስልክ ስታነሳ ግን «አሎ፣ ምን ሆናችሁ?» ስትል ሰማኋት። ማንም አላያትም፤ ለዚያ ይመስለኛል።

እሳቱ። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ደርሰው ውሃ ያፈሳሉ፤ በቃ፣ አለቀ። ጨዋታው በ30 ሰከንድ ያልቃል፤ ከዚያ ገመድ መጎተት ይጀመራል። ከውጭ ሆኜ «እንዲህ አድርጉ» ብል ጨዋታው ወደ ትእዛዝ ይለወጥ ነበር። ስለዚህ ጎረቤት ሆኜ ገባሁ፦ «ኧረ አባቶቼ፣ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ! መራመድ አይችሉም!» ወዲያው ሁለቱ ገመዱን ጥለው ገቡ። ችግር የገጠመውን ልጅ በሁለት በኩል ይዘው አወጡት። እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ልጆች የማኅበራዊ ድራማ ጨዋታ ጥናቷን ያሳተመችው ሳራ ስሚላንስኪ አዋቂ ጨዋታን የሚረዳበትን መንገድ ከውጭና ከውስጥ ብላ ለይታዋለች። ከውስጥ መግባት እንግዲህ ይህ ነው፤ አንድ ሚና ይዞ፣ አንድ አዲስ ችግር ጥሎ፣ ቶሎ መውጣት። እኔ ከአንድ ደቂቃ በላይ ስቆይ ልጆቹ ዘወር እያሉ የኔን ፊት ማየት ይጀምራሉ፤ የመውጫ ሰዓቴን የማውቀው በዚያ ነው።

በዚሁ ጥግ አንድ ልጅ «ሴት እሳት አታጠፋም» አለ። ተራዋ የነበረችው ልጅ ኮፍያውን ልታወልቅ ስትል ስልክ አንሺውን «ማን ቶሎ ይደርሳል?» አልኩት። «እሷ፣ ኮፍያ አድርጋለች» አለ። ሄደችና አጠፋች። በማግስቱ ሴት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ያሉበት ፎቶ አምጥቼ ያለ ብዙ ወሬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ጽዳቱ። የጽዳት ሠራተኛን ኮፍያ በመጀመሪያው ቀን የፈለገው አልነበረም። «ይሸታል» ያለ ልጅም ነበር። ስለ ሥራ ክብር ብናገር ሰምተው ያልፉታል። ያደረግነው ነገር ቀላል ነው። ጠዋት ወረቀት ስንቆራርጥ የወደቀውን ቅድድ አላነሳነውም። በጽዳቱ ጥግ እንዳለ ተውነው፤ የጨዋታ ምንጣፋችን ያለው ደግሞ እዚያው ነው። ምንጣፉ ላይ መቀመጥ አልተቻለም። የሚደውለው ልጅ «መቀመጫ የለንም፣ ኑልን» ብሎ ደወለ። መጥረጊያ የያዘችው ልጅ ስትደርስ ጮቤ ረገጡላት። ከዚያ በኋላ በየዙሩ ቅድዱን መልሰን እንበትነው ነበር። ልጆቹ የሚሻሙበት ጥግ ይህ ሆነ፤ ምክንያቱም ሥራው የእውነት ነው። ከጠረጉ በኋላ ወለሉ ይታያል።

## አዲሱ ወረቀት

የማዛመጃ ወረቀቱን የሰጠነው ጥጎቹ ካለቁ በኋላ ነው። ከወረቀቱ በፊት ግን መሬት ላይ በካርድ ሠራነው። አራት የሰው ካርድ በአንድ በኩል፣ የችግር ካርዶች በሌላ በኩል ተዘርግተው ልጆቹ በክር ያገናኛሉ። ክር ሊነሳ ይችላል። ልጅ ሐሳቡን ሲቀይር ክሩን አንስቶ ወደ ሌላ ይወስደዋል። በእርሳስ ግን የተሰመረ ተሰመረ፤ ላጲስ ወረቀቱን ይቀድደዋል።

በወረቀቱ ላይ የለወጥነው ትልቁ ነገር ጥያቄው ነው። በቀኝ ያሉት መሣሪያዎች ወጥተው ችግሮች ገቡ፦ ትኩሳት ይዞት የተኛ ልጅ፣ ጭስ የሚወጣበት ቤት፣ ቆሻሻ የተበተነበት ሜዳ፣ መንገድ ለመሻገር የቆሙ ልጆች። አምስተኛ ሥዕልም ጨመርን፤ የተቀደደ ልብስ። በግራ ግን ልብስ ሰፊ የለም። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። አራት ለአራት ከሆነ ሦስቱን ያገኘ ልጅ አራተኛውን ሳያውቀውም ያገኘዋል፤ የቀረው አንድ ብቻ ነውና። አንድ ትርፍ ሥዕል ሲኖር የመጨረሻውንም ማሰብ አለበት።

ሌላው የእጅ ሥራ ነው። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጎን ትልቅ ነጥብ አደረግን፤ መስመር ከነጥብ ወደ ነጥብ ነው። ሥዕሎቹን ፎቶ ኮፒ እንዳያጠቁራቸው በወፍራም መስመር፣ ያለ ጥላ ሣልናቸው። ማንም ሰው ከመልሱ ትይዩ እንዳይሆን አደባለቅናቸው። ለአራቱ ሰዎች አራት የተለያየ ከለር ሰጠን፤ መስመሮቹ ቢተላለፉም ልጁ የራሱን አይስትም። ምሳሌውም ሰያፍ ነበር። ከማስመራቸው በፊት በጣታቸው መንገዱን እንዲሄዱበት አደረግን። ሥዕሎቹንም ስንጠራ በአንድ ቃል አላልናቸውም፤ «ቤቱ ጭስ ይወጣዋል» እያልን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው።

ያን ቀን 24 ልጆች ነበሩ። 17ቱ አራቱንም በትክክል አገናኙ። ሁሉንም 17 ለብቻ ጠየቅኋቸው፤ «ሲደርስ ምን ያደርጋል?» ብዬ። 15ቱ የሚረዳውን በራሳቸው አባባል ነገሩኝ። ሁለቱ የሰውየውን ስም ብቻ ደገሙልኝ። ከቀሩት ሰባቱ አራቱ አንድ ወይም ሁለት ስተዋል፤ ሦስቱ አልጨረሱም።

አንዲት ልጅ የተቀደደውን ልብስ ከሐኪሙ ጋር አገናኝታለች። «ወድቃ ነው የተቀደደው፤ ጉልበቷ ደምቷል» አለችኝ። ሥዕሉ ላይ ደም የለም፤ ታሪኩ ግን ያስኬዳል። ትክክል ብዬ መዘገብኩት። በቀይ እርሳስ ብቻ ባርም ኖሮ ከሳቱት ጋር ትቆጠር ነበር።

ሁለቱን ወረቀቶች ቁጥር ለቁጥር ማወዳደር ግን አይቻልም። ሁለተኛው በጥንድ ብዛት ግማሽ ነው፤ ጥያቄውም ሌላ ነው። ለኔ ማስረጃው የልጆቹ ቃል ነው እንጂ 17 የሚለው ቁጥር አይደለም።

## ያልሠራው

የሳቱት አራት ልጆች ሁሉም የሳቱት የትራፊክ ፖሊሱን ነው። የሰውየውን ስም ብቻ የደገሙልኝም ሁለቱ የደገሙት እዚያው ላይ ነው። ያልተጫወትነው እሱን ብቻ ነበር። ከአንድ ክፍል ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ ግን ሥዕልና ወሬ ለዚህ ዕድሜ አይበቃም የሚል ጥርጣሬዬን አጠናክሮልኛል። አሁን ብሆን አራት ሰው በሦስት ጥግ ከምጀምር ሦስት ሰው በሦስት ጥግ እይዝ ነበር።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ክፍሉን ለሁለት መክፈል ረዳት ይፈልጋል። በሁለተኛው ቀን ረዳቷ ለግማሽ ሰዓት ስትጠራ 26ቱንም ለብቻዬ ያዝኩ፤ ሚና መቀያየሩ ፈረሰ። አንድ ሰው ብቻ ያለበት ክፍል አንድ ጥግ ብቻ ቢያዘጋጅና አራት አራት ልጆችን በየተራ ቢያስገባ ይሻላል፤ የቀሩት ብሎክና ሥዕል ይሠራሉ። ለማዳረስ ሳምንት ይፈጃል፤ ግን አይፈርስም።

ሦስተኛው፣ በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ሥር የገባችው ልጅ ናት። ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው። ወደ ሐኪሙ ጥግ አልሄድም አለች፤ አላስገደድናትም። ስልክ አንሺ ብቻ ሆና ቆየች። በሦስተኛው ቀን መርፌውን ለአሻንጉሊት ብቻ በሚል ሕግ አወጣነው። ሌሎቹ ሲወጉ ከሩቅ አየች፤ አሻንጉሊቷን ግን ለማንም አልሰጠችም። እዚህ ላይ ምንም አላሸነፍንም። እንዲህ ያለ ርዕስ ከመጀመሬ በፊት ወላጆችን «በቅርቡ ሆስፒታል የገባ፣ አደጋ ወይም እሳት ያየ ልጅ አለ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ።

## ቤት የሚባለው

«ስላጠፋን» ያለውን ልጅ እናት በር ላይ አገኘኋቸው። ነገሩን ሳልወቅስ ነገርኳቸው፦ «ልጅዎ ሐኪም ቅጣት የሚሰጥ ይመስለዋል። እኛ ክፍል ውስጥ እየሠራንበት ነው።» ትንሽ ዝም ብለው «እኔ ነኝ እኮ፣ ካልበላህ ለሐኪም እነግርልሃለሁ የምለው» አሉኝ። ለሁሉም ወላጆች አጭር ማስታወሻ ላክን፦ በሐኪምና በፖሊስ ማስፈራራቱን ለጊዜው እንተወው፤ ልጅ ቢታመም ወይም ቢጠፋ የሚሄደው ወደነዚሁ ሰዎች ነው። ስንቶቹ እንደተውት አላየሁም። አንድ አባት ግን በዚያው ሳምንት በር ላይ ልጃቸውን «ፖሊስ ይመጣል» ሲሉት ሰምቻለሁ።

«ስላጠፋን» ያለው ልጅ በሦስተኛው ቀን ሐኪም የመሆን ተራው ደረሰው። መርፌውን ለማንሳት ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ ከዚያ ተመልሶ መጣና መጀመሪያ ጠየቀ። «የት ጋ ያምሻል?» አላት አሻንጉሊቷን። ሲወጋት «አላጠፋሽም፤ ትኩሳት ስላለሽ ነው» አላት።

ከሳምንት በኋላ ፖሊስ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅሁት። አሁንም «መጥቶ ይወስዳል» አለኝ። ለሚቀጥለው ወር የፖሊሱን ጥግ አዘጋጅተናል። ወለሉ ላይ በነጭ ፕላስተር የእግረኛ ማቋረጫ ሠርተናል። የመጀመሪያው ችግር እናቱ የጠፋችበት ልጅ ነው፤ የመጀመሪያው ተራም ለእሱ ተይዟል።